ቃሉን ቀይሬ፣ ምንጩንም ጽፌ፣ ለምን ተመለሰብኝ?

«ሰላም መምህር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለጂኦግራፊ ኮርስ ስለ ጣና ሐይቅ አምስት ገጽ አሳይመንት ሠራሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። ቃላቱን ቀይሬያለሁ፣ መጨረሻ ላይም ሪፈረንስ ጽፌያለሁ። መምህራችን ግን «ይሄን አንቺ አልጻፍሽውም፣ ድጋሚ ሠርተሽ አምጪ» ብለው መለሱልኝ። ፕላጃሪዝም በትክክል ምንድን ነው? ማስታወሻ ስይዝስ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

እህቴ፣ ወረቀትሽን ባላየውም ከነገርሽኝ ስነሳ መምህርሽ ልክ ይመስሉኛል። አንቺም አልዋሸሽም። ሁለቱ አንድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ፍሬሽ ተማሪ ፕላጃሪዝምን ከኩረጃ ጋር አንድ ያደርገዋል። የሚኮርጅ ሰው እየኮረጀ መሆኑን ያውቃል። አንገቱን ያሰግጋል፣ ቁራጭ ወረቀት ይደብቃል፣ ልቡ ይመታል። ፕላጃሪዝም ግን በንጹሕ ልብ፣ ላይብረሪ ቁጭ ተብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተለፍቶበትም ይሠራል። የሌላን ሰው ቃል፣ የአረፍተ ነገር አሰካክ፣ ሐሳብ ወይም የምርምር ውጤት ወስደሽ አንባቢው ያንቺ እንዲመስለው ካደረግሽ፣ እሱ ነው። አስበሽበት መሆን አለመሆኑ ቅጣቱን ያቀል ይሆናል እንጂ ስሙን አይቀይረውም።

የጓደኛን አሳይመንት ስም ቀይሮ ማስገባት፣ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ተርም ፔፐር መግዛት፣ ከኢንተርኔት ኮፒ ፔስት ማድረግ፣ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል። ጊዜ አላጠፋባቸውም። ያንቺን ዓይነት ጥሩ ተማሪ የሚጥለው ሌላ ነው። እሱን በምሳሌ ላሳይሽ።

ይህችን አንቀጽ ለዚህ ምላሽ ብዬ ራሴ ነኝ የጻፍኳት። አንድ እገሌ የሚባሉ ደራሲ በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ገጽ 41 ላይ አገኘሻት እንበል፦

«ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። እነዚህ ወንዞች ከሚታረስ ተዳፋት ላይ ያጠቡትን አፈር ይዘው ስለሚወርዱ፣ ሐይቁ ከዳር ወደ መሐል በደለል እየተሞላ ይሄዳል።»

አሁን ደግሞ አንድ ተማሪ «በራሴ ቃል ጻፍኩት» ብላ የምታመጣው ይህን ይመስላል፦

«ጣና ትልቅ ቢሆንም ጥልቀት ያለው ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ወደ ሐይቁ ከሚፈሰው የወንዝ ውሃ አብላጫውን የሚያስገቡት ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። እነዚህ ወንዞች ከእርሻ ተዳፋት ላይ የጠረጉትን አፈር ተሸክመው ስለሚመጡ፣ ሐይቁ ከጠርዝ ወደ መሐል በደለል እየሞላ ይሄዳል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና አንብቢ። «ሰፊ» «ትልቅ» ሆነ። «አያልፍም» «አይበልጥም» ሆነ። «ዳር» «ጠርዝ» ሆነ። በቃ። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር «ቢሆንም» ካለ ሁለተኛውም «ቢሆንም» አለ። «እንኳ» በቦታዋ አለች። አራቱ ወንዞች በዚያው ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል። «ስለሚ» የምትለዋ ማያያዣም እዚያው ናት። ቤቱ ያው ነው፣ ቀለም ነው የተቀባው።

ሬቤካ ሙር ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት የጽሕፈት መምህርትና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ልብስ ከመጣፍ የወጣ ስም ሰጥተውታል። እኔ በአማርኛ ድሪቶ ነው የምለው። እዚህም ቁራጭ፣ እዚያም ቁራጭ፣ ከላይ መርፌ ተሄዶበት አንድ ልብስ የሚመስል። ሃዋርድ አንድ ነገር አጥብቀው ይከራከራሉ። ድሪቶ ብዙ ጊዜ የሌብነት ምልክት አይደለም፤ ትምህርቱም ቋንቋው አዲስ የሆነበት ተማሪ የሚያልፍበት ደረጃ ነው ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። ፍሬሽማን ላይ በእንግሊዝኛ አንብበሽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲጠበቅብሽ፣ የደራሲውን አረፍተ ነገር እንደ ምርኩዝ መያዝሽ አይገርምም። ግን ደረጃ ከሆነ የሚታለፍ ነው። አራተኛ ዓመት ላይ በምርኩዙ የምትሄጂ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ይዞሽ ይወድቃል።

«መጨረሻ ላይ ሪፈረንስ ጽፌያለሁ» ብለሻል። ሪፈረንስ ዝርዝር ለአንባቢው «ይህን መጽሐፍ ተጠቅሜያለሁ» ይለዋል። የትኛው አንቀጽ ከየት እንደመጣ አይነግረውም። በተለይ ደግሞ «ይህ አረፍተ ነገር የደራሲው ነው» አይልም። አምስት ገጽ ጽፈሽ መጨረሻ ላይ አራት መጽሐፍ ብትደረድሪ፣ መሐል ላይ ግን አንድም ቦታ ስምና ገጽ ባይኖር፣ አንባቢው አምስቱንም ገጽ ያንቺ አድርጎ ነው የሚያነበው። ይባስ ብሎ፣ ከድሪቶው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «(እገሌ፣ 2008፣ ገጽ 41)» ብትዪበትም አይድንም። እንዲያ ስትጠቅሺ «ሐሳቡ የእሳቸው ነው፣ አነጋገሩ የእኔ ነው» እያልሽ ነው። አነጋገሩ ግን የእሳቸው ነው።

ሁለት ንጹሕ መንገድ አለሽ። አንደኛው፣ አረፍተ ነገሩን እንዳለ ወስደሽ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባትና ገጹን መጻፍ። ሁለተኛው፣ ሐሳቡን ተረድተሽ ለራስሽ ጉዳይ እንዲያገለግል አድርገሽ እንደ አዲስ መናገር። ሁለተኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የጣና ደለል የሚጀምረው ከሐይቁ ሳይሆን ከማሳው ነው። ከተዳፋት እርሻ የተሸረሸረው አፈር በዋናዎቹ አራት ገባር ወንዞች ተጭኖ ይገባል። የሚያርፈውም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር በሆነ ሐይቅ ውስጥ ነው (እገሌ፣ 2008፣ ገጽ 41)። ስለዚህ የሐይቁን ዳር ብቻ መንከባከብ በቂ አይመስለኝም፤ ሥራው ላይኛው ተፋሰስ ላይ መጀመር አለበት።»

እዚህ ምን ተለወጠ? አነሳሱ ተለወጠ። ደራሲው ከሐይቁ ቅርጽ ተነስተው ወደ አፈሩ ሄዱ፤ ተማሪዋ ከማሳው ተነሳች። የወንዞቹን ስም አልደረደረችም፣ ለጉዳይዋ አላስፈለጋትማ። ቅንፉ የት እንደተዘጋም ልብ በይ። ከቅንፉ በፊት ያለው የደራሲው ነው፣ ከቅንፉ በኋላ ያለው የእሷ ነው። አንባቢው ሳይጠይቅ ያውቃል። ያቺን የመጨረሻ አረፍተ ነገር ከቅንፉ በፊት ብትከታት ሌላ ጥፋት ይሆን ነበር፤ ደራሲው ያላሉትን «ብለዋል» ማለት። ይሄም የተለመደ ነው፣ ብዙ መምህራን ደግሞ ከመገልበጥ እኩል ያበሳጫቸዋል።

አባይ ከጣና እንደሚወጣ ለመጻፍ ምንጭ አያስፈልግሽም፣ የአራተኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል። የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. መሆኑም እንደዚያው። ጥልቀቱ ስንት ሜትር እንደሆነና አብዛኛው ውሃ ከየትኞቹ ወንዞች እንደሚመጣ ግን አንድ ሰው ለክቶ ያወቀው ነገር ነው። ስሙን ጥሪለት። ከተጠራጠርሽ ጥቀሺ። ጥቅስ በዛ ተብሎ የተባረረ ተማሪ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። ድሪቶው ስትጽፊ የተሠራ ይመስልሻል። አይደለም። የተሠራው ማስታወሻ የያዝሽ ቀን ነው።

ልገምት። መጽሐፉ በግራ፣ ደብተሩ በቀኝ። አንድ አረፍተ ነገር ታነቢያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። አንዳንዱን እንዳለ፣ ሲረዝምብሽ ደግሞ አሳጥረሽ፣ አንዳንዴ አንድ ቃል ቀይረሽ። መሐል መሐል ላይ የራስሽ ሐሳብ ብልጭ ሲልሽ እሱንም እዚያው ትጨምሪያለሽ። ገጽ ቁጥር የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማቅረቢያው ቀን ደረሰ፣ መጽሐፉ ተመልሷል ወይም ሌላ ሰው ወስዶታል። በእጅሽ ያለው ደብተሩ ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፉ ሁሉ ያንቺ ነው። የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ግን ደብተሩ አይነግርሽም። የራስሽ መስሎሽ ትጽፊዋለሽ።

እኔም ደርሶብኛል። ተማሪ እያለሁ አማካሪዬ አንዲት አረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይህቺ ካንተ አልወጣችም» አሉኝ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ከዚያም መጽሐፉን ፈልጌ ሳየው፣ ቃል በቃል የደራሲው ነበረች። በጣም ስለወደድኳት ነበር የጻፍኳት። በወራት ውስጥ የእኔ መሰለችኝ።

ይሄ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ አሜሪካዊት የታሪክ ጸሐፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ፊትዝጀራልድና ስለ ኬኔዲ ቤተሰቦች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ከሌላ ጸሐፊ፣ ከሊን ማክታጋርት፣ የተወሰዱ አገላለጾች ያለ ትእምርተ ጥቅስ መግባታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አደባባይ ወጣ። አስገራሚው ነገር፣ ምንጩ በግርጌ ማስታወሻ ተጠቅሶ ነበር። ልክ እንዳንቺ። ጉድዊን የሰጡት ማብራሪያ ማስታወሻ አያያዝ ላይ ያረፈ ነው። ከመጽሐፍ የሚወስዱትን በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። ሲጽፉ ደግሞ ወደ መጽሐፉ ሳይመለሱ ማስታወሻቸውን አመኑ። ከዚያ ወዲህ የሚጠቅሱትን ገጽ በስካነር እንደሚያነሱ፣ የራሳቸውን አስተያየት ደግሞ በሌላ ፋይል ለብቻ እንደሚያስቀምጡ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ከፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ አባልነታቸው ወጡ። ማብራሪያቸውን ያመነም ያላመነም አለ። ችግሩ የት እንደሚወለድ ግን በደንብ ያሳያል።

ስካነር አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ የማስታወሻሽ እያንዳንዱ መስመር «የማን ነኝ» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲኖረው ማድረግ ነው። እኔ ተማሪዎቼን በሦስት ፊደል ነው የማለማምደው። ጥ፣ ጭ፣ እ።

ጥ ጥቅስ ነው። ከመጽሐፉ እንዳለ የተወሰደ ቃል። ትእምርተ ጥቅሱን መጀመሪያ ክፈቺ፣ ከዚያ ጻፊ፣ ከዚያ ዝጊ፣ ገጹን ጨምሪ። «በኋላ እጨምረዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፣ በኋላ አትጨምሪውም። አራት ቃል እንኳ ተከታትሎ ከመጽሐፉ ከመጣ ጥ ነው። መዝለል ከፈለግሽ ሦስት ነጥብ አድርጊ እንጂ አትቀይሪ።

ጭ ጭማቂ ነው። የደራሲው ሐሳብ ባንቺ አነጋገር። እሱም ገጽ ይፈልጋል፣ ሐሳቡ የሰው ነውና።

እ እኔ ማለት ነው። ያንቺ ጥያቄ፣ ጥርጣሬ፣ ተቃውሞ። ገጽ የለውም።

የጣናው አንቀጽ በዚህ መንገድ ደብተርሽ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

ጥ፣ ገጽ 41፦ «ሐይቁ ከዳር ወደ መሐል በደለል እየተሞላ ይሄዳል።»

ጭ፣ ገጽ 41፦ ደለሉ የሚመጣው ከተዳፋት እርሻ። በ4 ወንዝ (ግ/አባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ)። ጥልቀት ቢበዛ 15 ሜትር።

እ፦ ታዲያ እምቦጭ ላይ ብቻ ለምን እንረባረባለን? ላይኛው ተፋሰስስ? ስለ እርከን ሥራ የጻፈ ሰው ልፈልግ።

ሦስቱን እያየሽ አሳይመንቱን ስትጽፊ መሳሳት ይከብድሻል። ከላይ ንጹሕ ያልኩሽ አንቀጽ የመጣው ከጭ እና ከእ ነው። ጥ ለጊዜው አላስፈለገም፣ ተቀምጧል።

ለምን በቀለም አይሆንም የሚሉኝ አሉ። ቢጫ ለጥቅስ፣ አረንጓዴ ለራስ። ያምራል። ግን ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ስትገለብጪው ቀለሙ ይጠፋል፣ ጥቁርና ነጭ ስታሳትሚው ይጠፋል፣ ማድመቂያው ብዕር ያለቀ ቀን ደግሞ ሥርዓቱ ያልቃል። ፊደል አይጠፋም።

ከሦስቱ የሚከብደው ጭ ነው። ሁሉም እዚያ ላይ ነው ወደ ድሪቶ የሚንሸራተተው። መድኃኒቱ መጽሐፉን መዝጋት ነው። በስልክም ከሆነ ስክሪኑን አጥፊ። አንድ አንቀጽ ወይም አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቢ፣ ዝጊ፣ ለዶርም ጓደኛሽ እንደምታወሪላት አድርገሽ «ሰውዬው የሚሉት ምን መሰለሽ…» ብለሽ ጀምሪ። የሚወጣውን ጻፊ። ከዚያ ክፈቺና ሁለት ነገር ብቻ አመሳክሪ። አንደኛ፣ ቁጥርና ስም ልክ ናቸው ወይ? ሁለተኛ፣ ሳላውቀው ተከታታይ ቃላት አምልጠው ገብተዋል ወይ? ከገቡ ወይ ወደ ጥ ለውጫቸው ወይ እንደገና ተናገሪው። ስትዘጊው ምንም መናገር ካቃተሽ ደግሞ አልገባሽም ማለት ነው። ያን ጊዜ ቃል መቀየር አያድንሽም፣ ድሪቶም የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ደግመሽ አንብቢ ወይም ሌላ ቀለል ያለ ምንጭ ፈልጊ።

አንድ የእኛ አገር ተማሪ ያለው ዕድል አለ፣ ብዙዎች ግን አይጠቀሙበትም። የምታነቢው በእንግሊዝኛ ከሆነ ጭ የሚለውን በአማርኛ ያዢው። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የምታስቢ ከሆነም በዚያው። ወደ ሌላ ቋንቋ ስታወሪው የእንግሊዝኛው አረፍተ ነገር አጥንቱ ይሰበራል፣ ሐሳቡ ብቻ ይቀራል። ስትጽፊ ከአማርኛ ማስታወሻሽ ተነስተሽ ራስሽ እንግሊዝኛ ትሠሪያለሽ። እንግሊዝኛሽ እንደ መጽሐፉ አያምር ይሆናል። ያንቺ ይሆናል ግን። ሳይንሳዊ ስያሜዎችን ብቻ እንዳሉ ያዢያቸው፣ እነሱ የማንም አይደሉም።

ነገር ግን ይህን ከትርጉም ጋር አታምታቺው። ከአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ መስመር በመስመር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያለ ጥቅስ ማስገባት ፕላጃሪዝም ነው። በተገላቢጦሹም እንዲሁ። «ቋንቋውን እኮ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አይሠራም። ማመሳከሪያ ሶፍትዌሩ ላይይዘው ይችላል፣ የአማርኛ መጽሐፎቻችን አብዛኞቹ ኢንተርኔት ላይ የሉምና። መምህሩ ግን መጽሐፉን አንብቦት ከሆነ በሁለተኛው መስመር ያውቀዋል።

ማስታወሻ ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የገጹ አናት ላይ የምንጩን ማንነት ሙሉ ጻፊ። ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ አሳታሚ። ድረ ገጽ ከሆነ አድራሻውንና ያየሽበትን ቀን። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ ዓመተ ምሕረት ነው። መጽሐፉ ላይ 1994 ዓ.ም. ካለ «ዓ.ም.» የምትለዋን አትጣያት። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 1994 ብቻ ብለሽ ብታስገቢ፣ አንባቢው የሚፈልገው መጽሐፉ ከታተመበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣ መጽሐፍ ነው። የለም። የሌለ ምንጭ የፈጠርሽ ሊመስል ይችላል።

ሌላው ስም ነው። ያገራችን ደራሲ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ስለዚህ በአገራችን ልማድ ባሕሩ ዘውዴን በባሕሩ ነው የምንጠራቸው፣ «ዘውዴ እንዳሉት» አንልም። አንዳንድ ትምህርት ክፍል ግን የፈረንጁን ደንብ እንዳለ ያስከትላል። መምህርሽን ጠይቂና አንዱን ያዢ። ማስታወሻሽ ላይ ግን ሁሌም ሙሉ ስም ጻፊ፣ የትኛውንም ለመምረጥ ይረዳሻል።

የቴሌግራም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሲኒየሮች የሚያወርሷችሁ ፒዲኤፍና ሃንድአውት ብዙ ጊዜ አናቱ የተቆረጠ ነው። ደራሲ የለ፣ ዓመት የለ። ሃንድአውቱ ራሱ ከሦስት መጽሐፍ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ጠቋሚ አድርጊው እንጂ ምንጭ አታድርጊው። ውስጡ የጠራውን መጽሐፍ ፈልገሽ እሱን አንብቢ። ካላገኘሽው ደግሞ ያነበብሽውን ሰው ጥሪ፦ «እገሊት እንደጠቀሱት እገሌ…» ብለሽ። ያላነበብሽውን መጽሐፍ ከሰው ሪፈረንስ ላይ ለቅመሽ የራስሽ ዝርዝር ውስጥ መክተት፣ ብዙ ተማሪ እንደ ጉብዝና የሚያየው ነገር፣ ውሸት ነው። መምህሩ «ገጽ 112 ላይ ምን ይላሉ?» ብሎ ቢጠይቅሽስ?

ስለ ፐርሰንቱም ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። እንደ ተርኒቲን ያሉ ሶፍትዌሮች የሚሰጡት ቁጥር የመመሳሰል መጠን ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ ስንት በመቶው ሌላ ቦታ ካለ ጽሑፍ ጋር እንደተገጣጠመ ይቆጥራሉ፣ ፍርድ አይሰጡም። በትክክል የጠቀስሽውን ጥቅስና የሪፈረንስ ዝርዝርሽንም አብረው ሊቆጥሩት ይችላሉ፣ አስተካካዩ ካላወጣቸው። ስለዚህ 25 በመቶ ያለው ጽሑፍ ንጹሕ፣ 6 በመቶ ያለው ደግሞ አንድ ሙሉ አንቀጽ የተሰረቀበት ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲሽ ገደብ አለው ከተባለ ገደቡን እወቂው። ነገር ግን ቁጥሩን ለማውረድ ብሎ ቃል መቀያየር ውስጥ መግባት መልሶ ወደ ድሪቶ ነው የሚወስድሽ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ጥፋቱ ይቀራል።

የራስን አሮጌ ጽሑፍ መልሶ ማስገባት የሚባልም አለ። ለአንዱ ኮርስ የሠራሽውን ለሌላው ሳታሳውቂ መስጠት። ብዙ ቦታ አይፈቀድም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቀድመሽ መምህሩን ጠይቂ። የቡድን ሥራ ላይም እንዲሁ፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደጻፈ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። አንዱ ከኮፒ ቤት ያመጣውን አንቀጽ አምስታችሁም ስማችሁን ትፈርሙበታላችሁና።

አሁን የተመለሰብሽን አሳይመንት ምን ታደርጊዋለሽ? የድሮውን ፋይል ከፍተሽ ለማረም አትሞክሪ። ድሪቶ አይታረምም፣ በፈታሽው ቁጥር ሌላ ስፌት ታገኛለሽ። ወደ መጽሐፎቹ ተመለሺ። ለአምስት ገጽ አራት ምንጭ ይበቃሻል፣ ከእያንዳንዱ አራት አምስት ማስታወሻ በጥ፣ በጭ፣ በእ ያዢ። አንድ ከሰዓት ይፈጅብሻል። ከዚያ መጽሐፎቹን ዘግተሽ፣ እ የሚሉትን ብቻ ለይተሽ አንብቢ። የአሳይመንቱ አካሄድ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ጭ እና ጥ እነሱን ለመደገፍ ይመጣሉ። እ የሚል መስመር ከሌለሽ፣ ያለሽ የሌሎች ሰዎች ክምችት ነው፤ ጠቅሰሽው እንኳ መምህሩ «አንቺስ ምን አልሽ?» ይልሻል።

አዲሱን ስታስገቢ ማስታወሻሽን አብረሽ ይዘሽ ሂጂ። «ይሄ አንቺ የጻፍሽው ነው?» ብትባዪ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። የመጀመሪያውን እንዴት እንደሠራሽም ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው፦ «ቃል መቀየር የሚበቃ መስሎኝ ነበር» በያቸው። እኔ ብሆን የምቀበለው መልስ ነው። እስከዚያው ግን መጽሐፉ ተበድሮ ከመውጣቱ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን ለቅመሽ ያዢ።